የመልስ ዕቅድ

«ቀለበት የሌላትን ሴት ውጭ አገር አይልኩም አሉ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ይህን ወሬ መጀመሪያ የነገሩን ስኳር ሊገዙ መጥተው ነው። ያን ቀን በቃለ መጠይቅ የወደቀችው ልጅ የይርጋጨፌ ነበረች። ለጨው ሲመለሱ የገደብ ሆነች። ለክብሪት ሲመጡ ደግሞ የኮቾሬ፣ ያውም የቄስ ልጅ። ልጅቷ አገር በለወጠች ቁጥር ጉብዝናዋም ይጨምራል፤ የወደቀችበት ምክንያት ግን ንቅንቅ አይልም። ኮሚቴው ጣቷን አየ፣ ጣቷ ባዶ ነው፣ «በይ ወደ ቤትሽ» አላት።

«ነገሩ ግልጽ እኮ ነው» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ ክብሪቱን ጆሯቸው አጠገብ እየነቀነቁ። «ጣቷ ባዶ የሆነች ልጅ እዚያው ፈረንጅ አግብታ ትቀራለች። መንግሥት ሞኝ መሰለሽ?»

«የልጅቷ ስም ማነው?» አልኳቸው።

«ስሟን ምን ያደርግልሻል? ወድቃለች እያልኩሽ!»

እሳቸው ጎረቤታችን ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ማንም ሳይሾማቸው እናቴ ሆነዋል። እኔ አሲያ ኸድሩ እባላለሁ፤ ዲላ ላይ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ያለው ሱቅ የአባቴ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቼ ባንኮኒው ጀርባ ስቆም መምህራኑ «አለቀላት» ብለው ነበር። አላለቀልኝም። አባቴ ለመጠቅለያ በጆንያ ከሚገዛው አሮጌ መጽሐፍና ጋዜጣ ውስጥ እኔ ሳላነባት ጨው የተጠቀለለባት ገጽ የለችም። አንዳንዴ ደንበኛ ቆሞ «ልጄ፣ ፍጠኚ እንጂ» ይለኛል፤ እኔ «አንድ አንቀጽ ቀረኝ» እላለሁ።

ችግሩ ደንበኛው ሁሌም ያሸንፋል። ስለዚህ ዕውቀቴ አይጥ እንደበላው ጆንያ እዚህም እዚያም ቀዳዳ አለበት። የአንድ ጀርመናዊ መሐንዲስ የሕይወት ታሪክ እስከ ሠርጉ ዋዜማ ድረስ አውቃለሁ፤ ሠርጉን እትዬ ማንጠግቦሽ በርበሬ ጠቅልለውበት ሄደዋል። ቢሆንም በዚህ ቀዳዳ ዕውቀት ማትሪክን በግል ተፈትኜ አለፍኩ። ውጤቴን ለሚጠይቀኝ ሁሉ እነግራለሁ። ለማይጠይቀኝም እነግራለሁ።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. ለአውራጃችን የውጭ አገር የትምህርት ዕድል መጣ ተባለ። በትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ አመልካቾች በኮሚቴ ይጠየቃሉ፤ የሚጠየቁትም ስለ አመራር ችሎታቸው፣ ስለ አገር ምርጫቸውና ተምረው ስለ መመለሳቸው ነው። እኔ ያመለከትኩት ለማሽን ጥገና ነው፤ አገሬ ጀርመን ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ። ካለፍኩ ማሽን እፈታለሁ። ካላለፍኩ ዕድሜ ልኬን የመጽሐፍ መጨረሻ ለሰው እየጠቀለልኩ መስጠቴ ነው።

ዝግጅቱን በሱቃችን ውስጥ ጀመርን። የሳሙና ሳጥን ገልብጠን የኮሚቴ ጠረጴዛ አደረግነው። አባቴ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ሆነ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ የሴቶች ማኅበር ሆኑ፤ ረሻድ ደግሞ «እኔ ፓርቲው ነኝ» ብሎ መሐል ላይ ተቀመጠ።

ረሻድ የጎረቤታችን የእትዬ ሀዲጃ ልጅ ነው። የአጎቱን ፊያት ይነዳል፤ የታጠበ ቡና ከአሪቻና ከሬኮ እየጫነ ዲላ ያራግፋል። በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ በመኪና ይተረጎምለታል።

«ጓዲት አሲያ!» አለ፣ ድምፁን እንደ ሬዲዮ አወፍሮ። «መሪ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ረሻድ፣ አመራር ነው የሚጠይቁኝ። የመኪና መሪ አይደለም።»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ቀጥል ዝም ብለህ» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

«ልዩነት የለውም! ሰው የሚመራ ሰው ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ አለበት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ የሚያምን ሰው ጭነቱንም ራሱንም ገደል ይከታል። ይሄን በላቸው... ማለቴ በያቸው።»

«እኔ የራሴ መልስ አለኝ» አልኩ።

ነበረኝም። የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲመጣ ሰዉ ሌሊት ድንጋይ ደርድሮ ወረፋ ይይዛል። ጠዋት ላይ «ይሄ ድንጋይ የኔ ነው፣ ያኛው ያንቺ ነው» ጠብ ነው። እኔ አንድ ቀን ጠመኔ ይዤ ወጥቼ በየድንጋዩ ላይ የባለቤቱን ስም ጻፍኩበት። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ እየጠየቅኩ ሥዕል ሳልኩላቸው፤ ለአንዷ ድስት፣ ለአንዱ ቆብ፣ ለእትዬ ማንጠግቦሽ አፍ። ጠቡ ቆመ። እትዬ ማንጠግቦሽ ብቻ ለጥቂት ጊዜ አኮረፉ።

የአገር ምርጫ ላይ አባቴ ጠየቀኝ። አባቴ ቃልን እንደ ዘይት በስሱ የሚያንጠባጥብ ሰው ነው። «ለምን ጀርመን?» አለ። መለስኩ። «እሺ» አለ። በቃ።

የመመለሱ ጥያቄ ላይ ግን እትዬ ማንጠግቦሽ መልሴን ሊሰሙ አልፈለጉም። «ምንም አፍ ቢኖርሽ ጣትሽ ባዶ ነው» አሉኝ። «እኔን ከሰማሽኝ እጮኛ ፈልጊ።»

«እኔ የምፈተነው በጭንቅላቴ ነው፤ በጣቴ አይደለም።»

«የዚያችም ልጅ ጭንቅላት ጥሩ ነበር!»

ረሻድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለአንድ ቀን ከሆነ... እኔ እጮኛ ልሆን እችላለሁ። ያን ቀን ጭነት የለኝም።»

እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ ለሴት ልጅ የሚቀርበው በሳሙና ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ «ጭነት የለኝም» ተብሎ አልነበረም። ወደ ውጭ እንዲወጣ ነገርኩት። ሦስት ጊዜ ነገርኩት።

በቃለ መጠይቁ ጠዋት ግን እትዬ ማንጠግቦሽ እየሮጡ መጡ። ያቺ ልጅ የይርጋጨፌም፣ የገደብም፣ የኮቾሬም አልነበረችም ለካ። የዲላ ናት! የእኛው ቀበሌ! «ያወቅኋት መሰለኝ፤ ቀጭን፣ ኩሩ፣ እንዳንቺ ያለች» አሉ። ኩራት እስከ ጠዋቱ ሦስት ሰዓት ድረስ ጥሩ ነገር ነው፤ ቃለ መጠይቁ ደግሞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ነበር።

«ረሻድ!» ብዬ ተጣራሁ።

ለካስ በራችን ላይ ቆሞ ነበር። ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶታል። ከኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ቀለበት አወጣ። ቢጫ፣ ድፍን፣ የሚያብረቀርቅ።

«ከየት አመጣኸው?»

«የእናቴ ነው። ሳታውቅ ነው። ማታ ትመልሺልኛለሽ።»

ቀለበቱ ጣቴ አንጓ ላይ ቆመ። እትዬ ማንጠግቦሽ «ግፊ!» አሉ፤ ገፋሁ፤ ገባ። ከዚያ «እስቲ አውልቂው፣ መውጣቱን እንይ» አሉ። አልወጣም። ሳሙና ቀባን፤ አልወጣም። ዘይት ቀባን፤ ጣቴ ብቻ አማረ። ረሻድ ጎማ እንደሚፈታ ሰው አንድ እግሩን ግድግዳው ላይ አድርጎ ሳበ፤ እኔ ከነወንበሬ ተከተልኩት።

አባቴ ከባንኮኒው ወጥቶ እጄን ያዘ። ቀለበቱን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። ረሻድን አየ። አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። «ሰዓት ደርሷል» አለና ስኳር ወደ መመዘን ተመለሰ።

የአውራጃው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ተጠያቂዎች ተደርድረዋል። ሁሉም የሰው ኮት ለብሰዋል። ከእኔ በፊት የገባው ወልደዮሐንስ የሚባል ልጅ ላቡን እየጠረገ ወጣ።

«ምን ጠየቁህ?» አልነው።

«ሁሉንም ‘ፓርቲው ወዳዘዘኝ’ አልኳቸው።»

«የአገር ምርጫንም?»

«ፓርቲው ወዳዘዘኝ።»

«ስምህንስ ጠየቁህ?»

ወልደዮሐንስ አሰበ። ፊቱ ወደቀ። «ደነገጥኩ እኮ» አለ።

እኔ ተጠራሁ። ረሻድን «እዚህ ሁን፣ አፍህን ዝጋ» ብዬው ገባሁ።

ከጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሰዎች አሉ። መሐል ላይ የፓርቲው ጓድ ታረቀኝ፤ የተባለውን ሁሉ በወፍራም እስክሪብቶ ይጽፋሉ። በቀኝ የሴቶች ማኅበሯ ጓዲት አትጠገብ። በግራ ከትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጓድ ጴጥሮስ፤ የጌዴኦ ሰው፣ እርጋታቸው የሚያስፈራ። አማርኛቸው ሴትና ወንድ አይለይም፤ ለሁሉም «አንተ» ነው። እኔ የሰው ሰዋስው ማረም እንደ ማሳከክ ነው የሚይዘኝ። ምላሴን ነከስኩ።

«አሲያ፣ ጀርመን ለምን መረጥህ?» አሉ ጓድ ጴጥሮስ። «እዚያ ቡና አይበቅልም። አንተ የቡና አገር ልጅ ነህ። ኪዩባ ቡና አለ። ኪዩባ ለምን አልመረጥህም?»

«ቡና ስለማይበቅልበት ነው የመረጥኩት» አልኩ። «ስለ ቡና ዛፍ የሚያስተምረኝ ሰው ከፈለግሁ ኪዩባ ምን ወሰደኝ? እርስዎ አሉ አይደለም? የምንቸገረው በማሽኑ ነው። አሪቻ የእሸት ቡና መፈልፈያው ሲበላሽ ከተማ ድረስ ሰው ይላካል። እሸት ቡና ደግሞ የተለቀመ ዕለት ካልተፈለፈለ አይጠብቅም፤ እዚያው ክምሩ ላይ ይቦካል። ገበሬው የደከመበት ቆሞ ይሸታል። ጀርመኖቹ ቡና አያበቅሉም፤ ብሎን ግን ያበቅላሉ።»

ጓድ ጴጥሮስ በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ። የወደዱት መሰለኝ። እኔማ በጣም ወደድኩት።

«አመራር!» አሉ ጓድ ታረቀኝ። «ብዙኃኑን መርተሽ ታውቂያለሽ? አመራር ማለትስ ምን ማለት ነው?»

የድንጋዩን ታሪክ ነገርኳቸው። የአፉ ሥዕል ላይ ስደርስ ጓዲት አትጠገብ ሳቃቸውን በሻርፓቸው ያዙ። «ማለትስ ምን ማለት ነው» ለሚለው ግን ያዘጋጀሁት ዓረፍተ ነገር ከጭንቅላቴ ጠፋ። ምናልባት ከቀዳዳዎቹ በአንዱ ወጥቶ ይሆናል። አፌ የያዘው ይህን ብቻ ነው፦

«አመራር... ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ብቻ የሚያምን ጭነቱንም ራሱንም ገደል ይከታል።»

ጓድ ታረቀኝ እስክሪብቷቸውን አነሡ።

«ጥልቅ ነው» አሉ። «የማን ጥቅስ ነው?»

«የጓድ... የጓድ ረሻድ።»

«አዎ፣ አዎ» አሉ፣ እንደሚያውቅ ሰው ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ ጻፉትም።

ሁለቱን ጥያቄዎች ተሻገርኩ። ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ያኔ ጓድ ጴጥሮስ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። ዓይናቸው ጠረጴዛው ላይ ወዳለው እጄ ሄደ። ጣቴ በሳሙናውና በመጎተቱ ብዛት አብጦ ትንሽ ቲማቲም አክሏል።

«እሺ። የመጨረሻ። የመልስ ዕቅድህ ምንድን ነው?»

«ስለ መመለስ» ቢሉኝ ኖሮ በቃሌ ያጠናሁት ነበር። እሳቸው ግን «መልስ» አሉ፤ ዓይናቸው ደግሞ ቀለበቴ ላይ ነው። በጆሮዬ የእትዬ ማንጠግቦሽ ድምፅ ጮኸ። እውነት ነበር! ጣት ነው የሚያዩት! መልስ ሲባል ያን ሰዓት የታየኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከሠርግ በኋላ ሙሽሮቹ ወደ ሴቷ ወላጆች ቤት የሚጠሩበት ድግስ። ይጠይቁኝ እንጂ ብዬ ተዘጋጀሁ።

«መልሱ እዚሁ ዲላ ነው» አልኩ።

«አዲስ አበባ አይደለም?»

«ምን ሲደረግ! አባቴ እዚህ እያለ አዲስ አበባ መልስ ማን አለኝ?»

ጓድ ጴጥሮስ ከወንበራቸው ቀና አሉ። «በጣም ጥሩ! ሌሎቹ ሁሉ አዲስ አበባ አሉ። መቼ ነው?»

«ዋናው ነገር እንዳለቀ በማግስቱ። ቢዘገይ በሦስተኛው ቀን።»

«በማግስቱ!» አሉ ጓድ ታረቀኝ። «ልምድ ልቅሰም፣ ትንሽ ልቆይ የለም?»

«ከዚያ በላይ ማቆየት ነውር ነው። ሰው ምን ይላል?»

«ሰፊው ሕዝብ ምን ይላል» እያሉ አርመው ጻፉት።

ጓዲት አትጠገብ ጠየቁኝ፦ «ለዚህ ከመንግሥት የምትጠብቂው ድጋፍ ይኖር ይሆን?»

«በፍጹም! ግዴታው የአባቴ ነው። ጎረቤትም ያግዛል። እትዬ ማንጠግቦሽ ሽንኩርት ይከትፋሉ።»

«ሽንኩርት?»

«በራስ ኃይል መተማመን» አሉ ጓድ ታረቀኝ፣ ቀና ሳይሉ እየጻፉ። «ኅብረተሰቡስ ምን ይጠቀማል?»

«ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይጨፍራል።»

እስክሪብቶው ቆመ። ጥቂት አሰቡ። «የኑሮ ደረጃው ያድጋል ማለቷ ነው» አሉና ቀጠሉ።

ጓድ ጴጥሮስ ፈገግ ብለው ነበር። እንደ አባት። «የመጨረሻው መጨረሻ። ወደ ዲላ ምን ይዘህ ነው የምትመጣ?»

«ባሌን ነዋ!» አልኩ።

ከውጭ የመናኸሪያው ጥሩምባ ይሰማል።

«የምን ባል?» አሉ ጓዲት አትጠገብ።

«ባል ከየት?» አሉ ጓድ ታረቀኝ። «ከጀርመን? ምዕራብ ነው ወይስ ምሥራቅ?»

«ኧረ የዲላ ነው! ያለ ባል መልስ እንዴት ይሆናል? እኔ ብቻዬን ብመጣ አባቴ ምን ይለኛል? ከነሚዜዎቹ ነው እንጂ የሚመጣው!»

ጓድ ታረቀኝ ከጻፉት ውስጥ አንድ መስመር ሰረዙ። ከዚያ ሌላ። ጓድ ጴጥሮስ ግራ ገብቷቸው ሁለቱን ያያሉ። «ሚዜ ማሽን ይጠግናል?» ብለው ጠየቁ፤ ከልባቸው ነው።

ያኔ ገባኝ። ሁሉም ነገር፣ ከሽንኩርቱ ጀምሮ፣ በአንድ ጊዜ ገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን መሬቱ የመንግሥት ነው፣ ያለ ፈቃድ አይከፈትም።

«ባሉ አሁን የት ነው ያለው?» አሉ ጓድ ታረቀኝ።

«በረንዳው ላይ» አልኩ። «እጮኛ ነው። ረሻድ ይባላል።»

ጓድ ታረቀኝ ከወንበራቸው ግማሽ ተነሡ። «ጓድ ረሻድ? የማርሹ?»

ጠሩት። ረሻድ ገባ፤ ኮፍያውን አወለቀ፤ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ሰላምታ ሰጠ። ጓድ ታረቀኝ ጥቅሱንና ሰውየውን ለማገናኘት ሲታገሉ ፊታቸው ላይ ይታያል።

«እጮኛዋ ነህ?» አሉ ጓዲት አትጠገብ።

«ነኝ» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«ተምራ እስክትመለስ ትጠብቃታለህ?»

አንድ ቃል ነው የሚፈለግበት። «አዎ» ቢል ያልቃል። ረሻድ ግን ከጠዋት ጀምሮ እጮኛ መሆኑን አምኖበታል።

«አልጠብቃትም!» አለ። «እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም። እከተላታለሁ! መንገድ እስካለ ድረስ።»

«ባሕር አለ» አሉ ጓድ ጴጥሮስ በርኅራኄ።

«ባሕሩ ጋ አቁሜ እጠይቃለሁ።»

«እንግዲህ ሁለታችሁም ከሄዳችሁ» አሉ ጓዲት አትጠገብ፣ «የሚመለሰው ማነው?»

«ውሸት ነው!» ብዬ ተነሣሁ። «እጮኛዬ አይደለም። እሱ የጎረቤት ልጅ ነው። ቀለበቱም የእናቱ ነው። ጣቷ ባዶ የሆነች ሴት አትላክም፣ እናንተም የምታዩት ጣት ነው ስለተባልኩ ነው።»

ሁሉም ወደ ረሻድ ዞሩ። ረሻድ ኮፍያውን አሽከረከረ። «ለዛሬ ነኝ» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ማነው እንዲህ ያለሽ?» አሉኝ ጓዲት አትጠገብ።

«እትዬ ማንጠግቦሽ።»

ጓዲት አትጠገብ ግንባራቸውን ያዙ። «በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ወደ ውጭ የሚላክ ተማሪ፣ ወንድም ሴትም፣ ውል ሲፈርም ዋስ ያስፈልገዋል አልኩ። ደመወዝ ያለው ዋስ! ባል የሚል ቃል ካፌ አልወጣም!»

እንግዲህ «ዋስ» ከስብሰባው ወጥቶ እኛ ሱቅ እስኪደርስ መንገድ ላይ ቀለበት አጥልቋል።

«በይ አውልቂውና ጥያቄውን እንደገና እንጠይቅሽ» አሉ ጓድ ታረቀኝ።

«አይወልቅም።»

«ምን ማለት ነው አይወልቅም?»

ጓዲት አትጠገብ ሞከሩ። ጓድ ታረቀኝ «ፍቀዱልኝ» ብለው ሞከሩ። ጓድ ጴጥሮስ አልሞከሩም። ሳቃቸው መጥቶባቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲዞሩ ግን ዓይናቸው ጠንከር ብሏል።

«አሲያ። መልስ ያልኩ እኔ ነኝ። ድግስ አላልኩም። ወደ አገር መመለስ። ብዙ ልጅ ላክን፤ አንዳንዱ ቀረ። አንተ ለምን ትመለሳለህ? እንደ መጽሐፍ አትንገረኝ። እንደ ሰው ንገረኝ።»

በቃሌ ያጠናሁት ሁሉ በግንባሬ ፊት ተሰልፎ ነበር፤ ስለ ሕዝብ፣ ስለ ምርት፣ ስለ ዕድገት። ግን ያበጠው ጣቴ ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ ያን ሁሉ እንድል አልፈቀደልኝም።

«ጓድ ጴጥሮስ» አልኩ፣ «ይሄ ቀለበት የሰው ነው። እትዬ ሀዲጃ ሳያውቁ የመጣ ነው። ዛሬም ካልወጣ ነገም ካልወጣ ይዤው መሄዴ ነው። እኔ ኩሩ ነኝ፤ አፌም ክፉ ነው፤ ጠይቁ፣ ዲላ ሁሉ ይነግራችኋል። ግን የሰው ዕቃ ጣቴ ላይ ይዤ አገር ለውጬ የምቀር ሴት አይደለሁም። ማሽኑም ቢሆን እንደዚያው ነው። የምትልኩኝ እናንተ ናችሁ፤ የተማርኩት የእናንተ ዕቃ ነው። የሰው ዕቃ የያዘ ሰው ይመለሳል። ካልተመለሰ ሌባ ይባላል፤ እኔ ደግሞ ብዙ ተብያለሁ፣ ሌባ ግን ተብዬ አላውቅም።»

ጓድ ጴጥሮስ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «እኔ ጨርሻለሁ» አሉ።

«ቀለበቱን ታዲያ እንዳታወልቂው» አሉ ጓድ ታረቀኝ።

«ብፈልግስ መቼ ይወልቃል?»

ወጥተን መንገዱ ላይ ስንደርስ ረሻድ «እኔ እንዴት ነበርኩ?» አለኝ። ቤት እስክንደርስ አላናገርኩትም። ሳቄ እንዳያመልጠኝ ነው።

ስሜ ሰሌዳው ላይ ሲለጠፍ ቀድመው ያዩት እትዬ ማንጠግቦሽ ናቸው። «አላልኩሽም?» እያሉ ገቡ። «ቀለበቱ ነው ያሳለፈሽ! አይተውታል፣ አይደል? በሦስቱም እጅ አገላብጠው አይተውታል አሉ!» ከዚያ ወዲህ ወሬው ማረጋገጫ አገኘ። ያቺ የይርጋጨፌ ልጅ ወድቃ ቀረች፤ እኔ ግን ለምሳሌነት በየጓዳው ዞርኩ።

ወሬው እትዬ ሀዲጃ ዘንድ እንዳይደርስ ብዬ እስክሄድ ድረስ እጄን በነጠላዬ ሸፍኜ ኖርኩ። ዋሴ የአንድ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ፤ ደመወዝ እንጂ ቀለበት አልነበረውም። ቀለበቱ እንዳልወለቀ አብሮኝ አውሮፕላን ተሳፈረ። በመጀመሪያው ክረምት ጣቴ በብርዱ ከስቶ ኖሮ እጄን ስታጠብ ገንዳው ውስጥ ኪል ብሎ ወደቀ። ከሥሩ ቆዳዬ አረንጓዴ ሆኗል። «የዚህ አገር አየር» አልኩ። ከብረት ዓይነት ጋር ሦስት ዓመት የዋልኩ፣ ቅይጡን በድምፁ ለይቼ የምናገር ሰው፣ ያንን ቀለበት አንድ ቀን በባለሙያ ዓይን አላየሁትም። የእትዬ ሀዲጃ ወርቅ ነው፤ በቃ። በመሐረብ ጠቅልዬ ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ አኖርኩት። ከእኛው መካከል በዚያው የቀሩ አሉ። እኔም በልቤ «ብቀርስ?» ያልኩበት ማታ ነበር። ያኔ ሻንጣው አልጋዬ ሥር ሆኖ ያየኝ ይመስለኛል።

በሰማንያ አንድ ዓ.ም. ተመለስኩ። ከመናኸሪያው ወደ ሱቃችን፣ አባቴን ስሜ ከሱቃችን ወደ እትዬ ሀዲጃ ቤት። ሻንጣዬን እንኳ አላሳረፍኩም። አባቴ «ቆይ፣ ውኃ ጠጪ» እያለ ተከተለኝ። ረሻድ በራፉ ላይ ጎማ ሲነፋ አገኘሁት፤ መሐረቡን ሲያይ ፓምፑን ጥሎ ወደ ጓሮ ዞረ።

ንግግሬን ተዘጋጅቼበት ነበር፣ በመንገዱ ሁሉ። «እትዬ ሀዲጃ» አልኩ ቆሜ፣ «ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ሳያውቁ የቆየ ዕቃዎን ልመልስ ነው የመጣሁት። ሰው የሰው ዕቃ ይዞ አይቀርም።» መሐረቡን ፈትቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

እትዬ ሀዲጃ ቀለበቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። የገዛ ወርቅ ቀለበታቸው ጣታቸው ላይ አለ።

«ውይ! ይሄማ የመጋረጃዬ ነው!» አሉ።

ወደ ጓዳው በር ዞሩ። መጋረጃው በአንዱ ጥግ ላይ ቀለበት የለውም፤ በሲባጎ ታስሯል።

እኔ አፌን ከፍቼ ወደ አባቴ ዞርኩ።

«እኔው ነኝ የሸጥኩላት» አለ አባቴ። «በደርዘን።»